ከጣሪያ የሚፈስ፣ ጣሪያ የማይደርስ

ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው የአዲስ አበባ ሰፈሮች የጣሪያ ሮቶ ሁለት ዓይነት አቤቱታ ይቀርብበታል። አንዱ ሌሊት ሞልቶ መፍሰሱ ነው። ቤተሰቡ ተኝቶ ሳለ ውሃው በክዳኑ ሥር እየወጣ በግድግዳው ላይ ይወርዳል፤ ጠዋት ግቢው ጨቅይቶ ይገኛል። ሌላው የዚህ ተቃራኒ ነው። የግቢው ቧንቧ እየወረደ፣ የጎረቤት ሮቶ እየሞላ፣ የራስ ሮቶ ግን ግማሹ ላይ ቆሞ ይነጋል።

ሁለቱን የተለያየ ችግር አድርገን ስለምናያቸው መፍትሔያቸውንም ለየብቻ እንፈልጋለን። ሲፈስ «ፍሎተሩ ተበላሽቷል» እንላለን፤ አልሞላ ሲል ደግሞ «የሰፈሩ ውሃ ኃይል የለውም» እንላለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ ቦታ፣ ውሃ ወደ ሮቶው ከሚገባባት ጠባብ ቀዳዳና ከምትደፍናት ጎማ ነው። ከዚህም የሚብሰው፣ አንዱን ችግር ለማስወገድ የሚደረገው ጥገና ሌላውን ይዞ መምጣቱ ነው። አንድ የማውቀው ቤት የደረሰው ይኸው ስለሆነ ነገሩን በእሱ ማስረዳት ይቀለኛል። ከዚያ በፊት ግን ዕቃውን እንየው።

የሮቶውን ክዳን ከፍቶ የተመለከተ ሰው ከላይ በኩል በግድግዳው ገብታ የቆመች የናስ ወይም የፕላስቲክ ዕቃ፣ ከእሷ የተዘረጋ ቀጭን ክንድ፣ በክንዱ ጫፍም ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ኳስ ያያል። ፍሎተር የሚባለው ይኸው ነው። ውሃው ሲጎድል ኳሱ ይወርዳል፣ ክንዱ አብሮ ይወርዳል፣ በዕቃው ሆድ ውስጥ ያለችው አጭር ፒስተን ወደ ኋላ ትሸሻለች፣ ውሃውም ይገባል። ውሃው ሲሞላ ኳሱ ይነሣል፤ ክንዱ ፒስተኗን ወደ ፊት ገፍቶ አፏ ላይ ያለችውን ጎማ ከቀዳዳው ጠርዝ ጋር ያጣብቃታል። ኤሌክትሪክ የለው፣ ጸደይ የለው፤ ያለው ኃይል ኳሱን ወደ ላይ የሚገፋው ውሃ ብቻ ነው።

ይህ ኃይል ምን ያህል ነው? 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ተራ የፕላስቲክ ኳስ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃው በ260 ግራም ገደማ ወደ ላይ ይገፋዋል። የኳሱንና የክንዱን ክብደት ስንቀንስ 200 ግራም ይቀረናል እንበል። ክንዱ እንደ ማንሻ ስለሚሠራ፣ ከመታጠፊያው ወደ ኳሱ ያለው ርዝመት ወደ ፒስተኗ ካለው 8 እጥፍ ከሆነ፣ 200 ግራሟ ፒስተኗ ጋ ስትደርስ 1.6 ኪሎ ትሆናለች። ጎማዋ ቀዳዳውን የምትደፍነው በዚህ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ከመንገድ የሚመጣው ውሃ ጎማዋን ወደ ኋላ ይገፋታል። የዚህ ግፊት መጠን በሁለት ነገር ይወሰናል፤ በውሃው ኃይልና በቀዳዳው ስፋት። የቀዳዳው ስፋት በጣም ያሳስባል። ቀዳዳው ከ3 ሚሊ ሜትር ወደ 6 ሚሊ ሜትር ሲሰፋ የአፉ መጠን እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው የሚያድገው። ስለዚህ አራት እጥፍ ውሃ ያስገባል፤ ለመድፈንም አራት እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። ጠባብ ቀዳዳ በቀላሉ ይዘጋል፣ ግን ቀስ ብሎ ይሞላል። ሰፊ ቀዳዳ ቶሎ ይሞላል፣ ግን መዝጋቱ ይከብዳል። እንግሊዞች ይህንን ስላወቁ በቆየው ደረጃቸው ፍሎተርን ለከፍተኛ፣ ለመካከለኛና ለዝቅተኛ ግፊት ብለው በሦስት ከፍለው ቀዳዳውን 3.2፣ 4.8 እና 6.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ያደርጉታል። እኛ ሱቅ ሄደን የምንጠይቀው ግን «የግማሽ ኢንች ፍሎተር» ብለን ብቻ ነው። ግማሽ ኢንች የሚለው ልክ ዕቃው ከቧንቧ ጋር የሚያያዝበት ጥርስ ነው እንጂ ስለ ውስጠኛው ቀዳዳ የሚናገረው ነገር የለም። መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሁለት የግማሽ ኢንች ፍሎተሮች የአንዱ ቀዳዳ የሌላውን ሩብ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ። ቤቱ ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ባለ 2000 ሊትር ሮቶ ጣሪያው ላይ ተቀምጧል፤ የሮቶው መግቢያ ከቆጣሪው 9 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ውሃ የሚመጣው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። የቤቱ እመቤት ስሞታቸው ሮቶው ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ መፍሰስ ይጀምራል የሚል ነበር። የጠሩት ወጣት የቧንቧ ሠራተኛ ክዳኑን ከፍቶ አየና «እትዬ፣ ይሄ ፕላስቲክ ስለሆነ ነው፤ በናስ እንቀይረው» አላቸው። ተቀየረ። በዚያው ሌሊት መፍሰሱ ቆመ። በሳምንቱ ደግሞ ሮቶው ሞልቶ እንደማያውቅ አስተዋሉ። ፈረቃው ሲያልቅ ውሃው ግማሹን ትንሽ አለፍ ይላል፤ ቀጣዩ ፈረቃ ሳይደርስ ያልቃል። ሠራተኛው ተመልሶ መጣና በዚህኛው ጊዜ የሰፈሩን ውሃ ወቀሰ። ዲናሞ እንዲገዙም መከራቸው።

ሌላ ባለሙያ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው፣ ዲናሞው ከመገዛቱ በፊት ተጠሩ። እሳቸው መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ማንም ሊያደርገው የሚችል ነው። ፈረቃው በጀመረ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጣሪያው ላይ ወጥተው ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ከፍሎተሩ አፍ ሥር ያዙና ሰዓት ተመለከቱ። ጄሪካኑ ለመሙላት ወደ 10 ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ የቧንቧውን መዝጊያ ዘግተው ናሱን ፈቱ፤ ጥግ ላይ ተጥሎ የነበረውን አሮጌ ፕላስቲክ ለጊዜው ገጥመው እንደገና ቀዱ። ያው ጄሪካን በ2 ደቂቃ ተኩል ሞላ። ቧንቧው ያው፣ ሰዓቱ ያው፣ ግፊቱ ያው፤ የተለወጠው ቀዳዳው ብቻ ነው። የናሱ 3፣ የፕላስቲኩ 6 ሚሊ ሜትር ነበር።

በሂሳብ ሲታይ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በናሱ በደቂቃ 2 ሊትር ያህል ይገባል። ፈረቃው በጀመረባቸው 4 ሰዓታት ውስጥ ይህ 500 ሊትር ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ የውሃው ኃይል ስለሚጨምር በቀሩት 2 ሰዓታት ሌላ 500 ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ይገባል። በድምሩ ከ2000 ሊትሩ ግማሹን ያህል መሆኑ ነው፤ እመቤቲቱ ያዩትም ይህንኑ ነበር። በአሮጌው ፕላስቲክ ግን በመጀመሪያዎቹ 4 ሰዓታት ብቻ ሮቶው ከሞላ ጎደል ይሞላል። መፍሰሱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ የሚጀምረውም ለዚህ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚፈስ ትርፍ የለም።

የውሃው ኃይል ሌሊት ለምን እንደሚጨምር እዚህ ላይ መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ሮቶው «ሌሊት ብቻ» የሚፈስበት ምክንያት ይሰወርበታልና። ፈረቃው እንደጀመረ በሰፈሩ ያለው ሮቶ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀዳል፤ ልብስ የሚያጥብም፣ በርሚል የሚሞላም አለ። በቧንቧው ውስጥ ብዙ ውሃ ሲሮጥ ኃይሉ በመንገድ ያልቃል። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ የጎረቤት ሮቶዎች እየሞሉ ይዘጋሉ፣ ሰዉ ይተኛል፣ ውሃው በቧንቧው ውስጥ ይቆማል፤ ያኔ ሙሉ ግፊቱ ያልዘጋውን ፍሎተር ብቻ ያገኛል። ባለሙያው በግቢው ቧንቧ አፍ ላይ የግፊት መለኪያ ገጥመው ሲሄዱ እመቤቲቱ ራሳቸው አነበቡት። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ 1.2 ባር፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ 2.5 ባር ነበር። ውሃ 10 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት 1 ባር ያህል ስለሚያስከፍል፣ 9 ሜትር ላይ ያለው ሮቶ የሚደርሰው ማታ 0.3 ባር፣ ሌሊት 1.6 ባር ነው።

1.6 ባር 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ላይ የሚያሳድረው ግፊት ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ኳሱ በማንሻው አማካይነት ሊያቀርብ የሚችለው ደግሞ 1.6 ኪሎ ነው ብለናል። እንግዲህ አሮጌው ፍሎተር ለዚህ ቤት ጉልበት አላነሰውም። ቀዳዳው ትክክለኛ ነበር፣ ክንዱም፣ ኳሱም። ያረጀው ጎማው ብቻ ነው።

ባለሙያው ፕላስቲኩን እመቤቲቱ ፊት ፈቱት። ክንዱን የያዘችውን ትንሽ ሽቦ ስበው ክንዱን አወለቁ፤ ፒስተኗ ወጣች። ርዝመቷ ከአውራ ጣት አይበልጥም። አፏ ላይ ያለችው ጎማ የሸሚዝ አዝራር ታክላለች፤ መሐሏ ላይ ክብ ቦይ ተቆፍሮባታል። ቀዳዳው ጠርዝ ለዓመታት እየተጫነ ያተመው ምልክት ነው። ጎማ ሲያረጅ፣ በተለይ ክሎሪን ያለበት ውሃ ውስጥ ሲቆይ፣ ይጠነክራል፤ ሲጫኑት አይሰምጥም፣ ሲለቁት አይመለስም። ክንዱ ፒስተኗን በየቀኑ በትክክል ያንኑ ቦታ ላይ አያሳርፋትም። ትንሽ ዞር ካለች የቦዩና የጠርዙ ልክ አይገጥምም፤ በመካከላቸው ፀጉር የምታህል ክፍተት ትቀራለች። ማታ በ0.3 ባር ከዚያች ክፍተት የሚወጣው ውሃ ጠብታ ነው። ሌሊት በ1.6 ባር ግን በደቂቃ 3 ሊትር ደርሷል። ከ8 እስከ 10 ሰዓት 360 ሊትር ይፈሳል ማለት ነው፤ 18 ጄሪካን። ሁሉም በቆጣሪው አልፏል።

ጎማዋን ካሉበት ቦታ ሳይነሱ ገልብጠው ገጠሟት። ቦይ ያልተቆፈረበት ጀርባዋ ወደ ቀዳዳው ዞረ። ይህ የቆየ የሙያው ዘዴ ነው፤ ጎማው እስኪገዛ ጥቂት ሳምንት ወይም ወር ያቆያል፣ ከዚያ አያልፍም። በማግሥቱ ልኳ የሆነ አዲስ ጎማ ተገዝታ ገባች። ዋጋዋ ከናሱ ፍሎተር ጋር አይወዳደርም፤ ከዲናሞውማ ጋር ጭራሽ አይነሣም። በእኔ ግምት በየግቢው ጥግ ከተጣሉት ፍሎተሮች ብዙዎቹ እንዲህ ጎማ ብቻ የሚያስፈልጋቸው ነበሩ። ሠራተኛውን ግን ብዙ አልወቅስም። ጎማዋን ለብቻዋ የሚሸጥ ሱቅ ማግኘት ራሱ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ሙሉ ዕቃ ገዝቶ መግጠም ግን ሩብ ሰዓት ነው።

ጎማ ሲጠፋ ከመኪና ካላማዳሪ ቆርጦ መግጠም የተለመደ ነው። ለአንድ ሌሊት ይሆናል። ካላማዳሪ ግን ስስና ለስላሳ ስለሆነ በኳሱ ግፊት ወደ ቀዳዳው ይሰምጣል፤ ውሃው ሲመጣ ደግሞ ጠርዙ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ቧንቧውም ማጓራት ይጀምራል። የሚሻለው ከ3 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ውፍረት ያለው፣ በጥፍር ሲጫኑት ትንሽ ገብቶ ወዲያው የሚመለስ፣ ሁለቱም ፊቱ ልሙጥ የሆነ ጎማ ነው።

አዲስ ጎማ ገብቶም በወሩ ማፍሰስ ከጀመረ ጥፋቱ የጎማው አይደለም። ጎማዋ የምታርፍበት የቀዳዳው ጠርዝ ተበልቷል ማለት ነው። ከውሃው ጋር የሚመጣ ደቃቅ አሸዋ በጠባቧ ክፍተት ሲሮጥ ጠርዙን እንደ ሞረድ ያርሰዋል። ጣትን አስገብቶ በጥፍር ጠርዙን መዞር ነው፤ ጥፍሩ የሆነ ቦታ ላይ ከተያዘ ጠርዙ ተጎድቷል። እንዲህ ያለ ጠርዝ የሚገባለትን ጎማ ሁሉ ይቆርጣል። በአንዳንድ የናስ ዕቃዎች ጠርዙ ያለበት ክፍል ብቻውን ተፈትቶ ይቀየራል። በርካሾቹ ግን ከአካሉ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ስለሆነ እዚህ ላይ ሙሉውን መቀየር ተገቢ ነው።

ዕቃውን ሳይፈቱ ጥፋቱ የት እንዳለ ለማወቅ አንድ እጅ ይበቃል። ውሃ በሚመጣበት ሰዓት ክዳኑን ከፍቶ ኳሱን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ማንሣት ነው። ኳሱ በእጅ ሲነሣ ውሃው ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ጎማውም ጠርዙም ደህና ናቸው፤ የደከመው ኳሱ ወይም ክንዱ ነው። ኳሱን ጠንከር አድርገው ቢያነሡትም ከአፉ ውሃ እየተንጠባጠበ ከቀጠለ ጥፋቱ ጎማው ወይም ጠርዙ ነው። ኳሱን ወደ ታች ተጭነው ምንም ካልመጣ ደግሞ ወይ ቀዳዳው ተደፍኗል፣ ወይ ፒስተኗ ተጣብቃለች፣ ወይ ከታች ውሃ የለም።

ኳሱ የሚደክመው ውሃ ሲጠጣ ነው። ሁለቱ ክፍሎቹ የተጣበቁበት መስመር ይሰነጠቅና ውሃ ቀስ በቀስ ይገባል። ፈትቶ ጆሮ ላይ ቢያወዛውዙት ይሰማል። 200 ሚሊ ሊትር የገባበት ኳስ እስከ ወገቡ ሳይሆን እስከ አናቱ ካልሰመጠ በቂ ግፊት አያገኝም፤ እሱ እስኪሰምጥ ውሃው ከትርፍ መውጫው ያልፋል። ኳሱን ማጣበቅ ብዙም አያዛልቅም፤ በአዲስ መተካት ይሻላል፤ ለብቻውም ይሸጣል። ክንዱ የናስ ከሆነ ደግሞ ኳሱ ያለበትን ጫፍ በጥንቃቄ ወደ ታች ማጠፍ የውሃውን ከፍታ ዝቅ ያደርጋል። ስታጥፉ ግን መታጠፊያው ጋ ያለውን ክፍል በሌላ እጅ መያዝ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ የሚሰበረው እሱ ነው። ውሃው ከትርፍ መውጫው 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲቆም አድርጋችሁ አስተካክሉት። ኳሱ ወደ ሮቶው ግድግዳ ተጠግቶ የሚሻሽ ከሆነም ፍሎተሩ ሲጠበቅ ስለዞረ ነውና ወደ መሐል መመለስ አለበት።

ስለ ትርፍ መውጫው አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ውሃው እንዳያስቸግር ብሎ ቀጥታ ወደ አሸንዳ ወይም ወደ ፍሳሽ ያገናኘዋል። ያኔ ፍሎተሩ ለወራት ሲያፈስ የሚያውቀው የቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነው። ጫፉ ሰው በሚያልፍበት፣ ለምሳሌ በደጁ ደረጃ አጠገብ ሲንጠለጠል በመጀመሪያው ሌሊት ይታያል።

አልሞላ ባይነት ሁልጊዜ ከቀዳዳው ልክ አይመጣም። ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደው ደፍርሶ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ባዶ የነበረው ቧንቧ ውሃ ሲሮጥበት የተኛውን ዝገትና ደለል ያነሣል። ይህ ሁሉ ጉዞውን የሚጨርሰው በመስመሩ ላይ ካሉት ሁሉ በጣም በጠበበችው በር፣ በፍሎተሩ ቀዳዳ ነው። 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳን ለመዝጋት አንዲት የዝገት ቅርፊት ትበቃለች። ስለዚህ ፈረቃው ሲጀምር ወደ ጣሪያ የሚወስደውን መዝጊያ ዘግቶ የግቢውን ቧንቧ ውሃው እስኪጠራ መክፈት፣ ከዚያ የጣሪያውን መልቀቅ ብዙ ጣጣ ያስቀራል። ያቺን የመጀመሪያ ውሃ በባልዲ ይዞ ለአትክልት ማዋል ይቻላል። ቀዳዳው አንዴ ከተደፈነ ፒስተኗን አውጥቶ በቀጭን የእንጨት ስንጥር መጥረግ ነው። ሚስማር ወይም ሽቦ አትጠቀሙ፤ ጠርዙን ትጭሩታላችሁ፣ ከዚያ በላይ ወዳነሣነው የጎማ መቆረጥ ትገባላችሁ።

እንደ ድሬዳዋ ውሃው ኖራ በሚበዛበት ከተማ ደግሞ ሌላ ዓይነት መደፈን አለ። ነጭ ቅርፊት በፒስተኗ ዙሪያ ይጋገርና ከሆዷ ጋር ያጣብቃታል። ክፍት ሆና ከተጣበቀች ሮቶው ይፈስሳል፣ ዝግ ሆና ከተጣበቀች አይሞላም። ሁለቱ ስሞታዎች ፊት ለፊት የሚገናኙበት ቦታ ይህ ነው። ፒስተኗንና አካሉን ጎማው ወጥቶ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ጭማቂ ለጥቂት ሰዓት መዘፍዘፍ ቅርፊቱን ያለሰልሰዋል፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠረጋል። በዘይት ወይም በግራሶ መቀባት ግን አያስፈልግም፤ የመጠጥ ውሃ ነው፣ ጎማውንም ያብጠዋል።

ከዚህ ሁሉ ተለይቶ መታየት ያለበት ሌላ ጎማ አለ። ፍሎተሩ የሮቶውን ግድግዳ በስቶ በሚያልፍበት ቦታ ላይ በብሎን የሚጠበቀው የጎማ ቀለበት ነው። የእሱ መበላሸት ሮቶውን ከላይ አያስፈስስም፤ ምልክቱ በውጭ በኩል ከመግቢያው ሥር የሚወርድ እርጥበትና አረንጓዴ ሻጋታ ነው። የፕላስቲክ ሮቶ ሲሞላ ሆዱ ይነፋል፣ ሲጎድል ይመለሳል። ቧንቧው ያለ ድጋፍ ከተንጠለጠለበት በየፈረቃው ቀለበቱን እያወዛወዘ ያስለቅቀዋል። ፀሐይም የውጩን ጎማ ያደርቀዋል። ብዙዎች እርጥበቱን ሲያዩ ብሎኑን በቺያቤ አጥብቀው ያዞራሉ፤ የደረቀው ጎማ ይፈነዳል፣ አንዳንዴም የሮቶው ግድግዳ ይሰነጠቃል። ትክክለኛው ውሃውን ከመግቢያው በታች አውርዶ፣ ብሎኑን ፈትቶ፣ አዲስ ቀለበት በውስጥ በኩል አስገብቶ፣ በእጅ እስከሚቻለው ድረስ ጠብቆ፣ ከዚያ በቺያቤ ሩብ ዙር ብቻ መጨመር ነው። ቴፍሎን የሚጠቀለለው ቧንቧውና ፍሎተሩ በሚገናኙበት ጥርስ ላይ እንጂ በጎማው ላይ አይደለም።

ሌሊት ሞልቶ ያደረ ሮቶ ማንም ሳይጠቀምበት ጠዋት ጎድሎ ከተገኘም ፍሎተሩን ነፃ ልቀቁት። የሚጠረጠረው ከቆጣሪው በኋላ ያለው ቼክ ቫልቭ ነው። በብዙ ቤቶች ከመንገድ የሚመጣውና ከሮቶው የሚወርደው መስመር ወደ ቤት ሲገቡ ይገናኛሉ። ቼክ ቫልቩ ካልያዘ፣ የመንገዱ ውሃ ሲቆም የእናንተ ውሃ ወደ መንገድ ይመለሳል። ፈረቃው እንዳበቃ የቆጣሪውን መዝጊያ ለአንድ ሌሊት ዘግቶ ማየት ነው፤ ሮቶው ካልጎደለ ሌባው ተገኘ።

ትልቁ ቀዳዳ ሁልጊዜ ይሻላል እንዳይባል ደግሞ ተቃራኒውን ልጥቀስ። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ እስከ አቃቂ ድረስ ቁልቁል የወረደ ከተማ ነው፤ በከፍታ በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር ልዩነት አለው። መስመሩ በየማጠራቀሚያው ተከፋፍሎ ቢሰራጭም፣ ከማጠራቀሚያው በጣም ዝቅ ብሎ በሚገኝ ግቢ ውስጥ መሬት ላይ የተቀመጠ ሮቶ ሌሊት 6 ባር ቢያገኝ አይገርምም። እዚያ 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ላይ የሚያርፈው ግፊት 1.7 ኪሎ ነው፤ ኳሱ ካለው 1.6 ይበልጣል። ጎማው አዲስ ቢሆንም አይዘጋም። ለእንዲህ ያለ ቤት ያ ወጣት ሠራተኛ የገጠመው ባለ 3 ሚሊ ሜትር ናስ ልክ ነው። ግፊቱ ስላለ ቶሎ ይሞላል፤ ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ በቀላሉ ይዘጋል። ዕቃው መጥፎ አልነበረም፤ የገባበት ቤት ነው የተሳሳተው።

ፍሎተር የማይፈታው ጉዳይም አለ። ፍሎተሩን ፈትተው ቧንቧውን ጣሪያው ላይ ክፍት ሲያደርጉት በፈረቃው ሰዓት ሁሉ ጠብታ እንኳ ካልመጣ፣ የመንገዱ ግፊት ያንን ከፍታ አይወጣም፤ የትኛውም ቀዳዳ አይረዳም። ያኔ መፍትሔው መሬት ላይ ሁለተኛ ሮቶ አኑሮ ውሃው በራሱ ጊዜ እንዲሞላው ማድረግ፣ ከዚያ በዲናሞ ወደ ላይ መግፋት ነው። ዲናሞውን በቀጥታ ከመንገዱ መስመር ጋር ማገናኘት ግን የጎረቤትን ውሃ መሻማት ብቻ አይደለም፤ ቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው በታች ሲወርድ በየስንጥቁ የመንገድ ጭቃ ወደ ውስጥ ይመጠጣል። መሬት ላይ ያለው ሮቶም ፍሎተር ያስፈልገዋል፤ እሱ ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ ከጣሪያው ጠበብ ያለ ቀዳዳ ይበቃዋል።